ነጥቡ አንድ ፒክስል አይደለም

«ሰላም ወንድሜ። ማታ ቤት ውስጥ በአንድ መብራት፣ ካሜራውን በእጄ ይዤ የቀረጽኩት ቃለ መጠይቅ አለ። 4ኬ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተር 1/50፣ አይኤስኦ 12800። መጀመሪያ ላይ ንጹህ ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች መጡ። ፒክስል የሚጠግን ፊልተር ጫንኩበት። ነጥቡ መሀሉ ሲጠፋ ዙሪያው ላይ ቀለበት የመሰለ ነገር ይቀራል። ስታቢላይዝ ሳደርገው ደግሞ ነጥቦቹ መደነስ ጀመሩ። ፊልተሩ ነው የማይሠራው ወይስ እኔ?»

ፊልተሩም ደህና ነው፣ አንተም ደህና ነህ። ቀለበቱ የመጣው ፊልተሩ የሚሸፍነው ስፋት ከነጥቡ ስለሚያንስ ነው። ዳንሱ የመጣው ደግሞ ከሥራው ቅደም ተከተል ነው። ሁለቱም በቅንብር የሚስተካከሉ ናቸው።

ከዳንሱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሳታውቀው ምርመራውን ሠርተህልኛል። ስታቢላይዝ ስታደርግ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ፍሬም ትንሽ ትንሽ ያንሸራትታል፤ ሰውየውና ግድግዳው ባሉበት እንዲረጉ። ነጥቡ የክፍሉ አካል ቢሆን ኖሮ አብሮ ይረጋ ነበር። እሱ ግን የተጣበቀው ሴንሰሩ ላይ ነው። ስለዚህ ፍሬሙ ሲንሸራተት እሱም አብሮ ይንሸራተታል። ክፍሉ ቆሞ ነጥቡ ሲሄድ ካየህ፣ ያለ ጥርጥር የሴንሰር ነጥብ ነው።

ይህን ማረጋገጥ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ አንድ ጊዜ ሙሉ ከሰዓት አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ስጠግን ውዬ፣ በመጨረሻ የማጫወቻውን መስኮት ወደ ጎን ስጎትተው ነጥቧ እዚያው ቀረች። የራሴ ስክሪን ነጥብ ነበረች። ስለዚህ መስኮቱን አንዴ አንቀሳቅሰው፤ ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። በየፍሬሙ ቦታ የሚቀያይር ብልጭታ ደግሞ ተራ ኖይዝ ነው፤ እሱ የዚህ ፊልተር ሥራ አይደለም።

ለምን ከግማሽ ሰዓት በኋላ?

እያንዳንዱ የሴንሰር ፒክስል ብርሃን ባይነካውም ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሮን ያጠራቅማል። የሚያመጣው ሙቀት ነው። አብዛኞቹ ፒክስሎች የሚያጠራቅሙት እዚህ ግባ የማይባል ነው። ጥቂቶቹ ግን ሲሠሩ ጀምሮ ወይም በጊዜ ብዛት እንከን አለባቸው፤ ከሌላው በብዙ እጥፍ ያፈሳሉ። ሆት ፒክስል የምንላቸው እነዚህን ነው። ይህ ፍሳሽ ሴንሰሩ በ6 እስከ 8 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል። ሳታቋርጥ ስትቀርጽ ሴንሰሩ 15 ዲግሪ ያህል ከሞቀ፣ ፍሳሹ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ አይኤስኦ 12800 ያንን ሁሉ አብሮ ያጎላዋል። መጀመሪያ ላይ ኖይዙ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ነጥብ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፊት ለፊት የሚወጣው ለዚህ ነው።

ዴድ ፒክስል የምንለው ደግሞ ጭራሽ የማይሰማውን ነው፤ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። በጨለማ ቀረጻ ብዙም አያስቸግርም፣ ምክንያቱም ጥቁር በጥቁር ላይ አይታይም። ያንተ ችግር የበሩት ናቸው።

ቀለበቱ ከየት መጣ?

የነገሩ እምብርት እዚህ ጋ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ሴንሰሩ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል የሚያየው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ወይ ቀይ፣ ወይ አረንጓዴ፣ ወይ ሰማያዊ። የጎደሉትን ሁለቱን ቀለሞች ካሜራው ከጎረቤቶች እየገመተ ይሞላል። ይህ ሥራ ዲቤየር ይባላል። እንግዲህ አንድ ቀይ ፒክስል ሲበላሽ፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ቀያቸውን የሚበደሩት ከእሱ ነው። በሽታው ይጋባል።

በቁጥር እናስላው። ግድግዳው ጨለማ ነው፤ የቀይ ቻናሉ ከ255 ላይ 24 ነው እንበል። የተበላሸው ፒክስል 190 ያሳያል። በጣም ቀላል በሆነው የዲቤየር ስሌት፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይና ከታች ያሉት አራት ጎረቤቶች የሁለት ቀይ ፒክስሎችን አማካይ ይወስዳሉ። አንዱ ጤነኛ፣ አንዱ በሽተኛ፤ 24 እና 190 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 107 ይሆናል። በማዕዘን ያሉት አራቱ ደግሞ የአራት ፒክስሎችን አማካይ ይወስዳሉ፤ ወደ 65 ይመጣል። ስለዚህ ፋይልህ ውስጥ የገባው አንድ ነጥብ ሳይሆን ዘጠኝ ፒክስል የሆነ ደማቅ መስቀል ነው። የካሜራዎች ስሌት ከዚህ የረቀቀ ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ ይለያል፤ ቅርጹ ግን ይኸው ነው።

አሁን ፊልተሩ «አንድ ፒክስል» ተብሎ ሲታዘዝ የሚያደርገውን ተመልከት። መሀሉን ያወጣና የስምንቱን ጎረቤቶች አማካይ ይተካበታል። አራት 107 እና አራት 65፤ አማካዩ 86 ነው። እንግዲህ መሀሉ 86፣ ጎኖቹ 107፣ ውጭው 24 ሆነ። መሀሉ ከጎኖቹ ጠቆር ያለ፣ ዙሪያው የደመቀ። ያ ነው ያየኸው ቀለበት። ፊልተሩ የታዘዘውን በትክክል ሠርቷል፤ ችግሩ መድኃኒቱን የቀዳው ከታመሙት ጎረቤቶች መሆኑ ነው።

በዚህም አያበቃም። ፋይልህ 4:2:0 ከሆነ፣ ብዙዎቹ ካሜራዎች እንደዚያ ናቸው፣ ቀለሙ የሚቀመጠው በግማሽ ስፋትና በግማሽ ቁመት ነው። አንድ የቀለም ናሙና አራት ፒክስሎችን ይሸፍናል። ሶስት በሶስት የነበረው መስቀል በብርሃኑ እንዳለ ሆኖ፣ ቀለሙ አራት በአራት፣ አንዳንዴም ስድስት በስድስት ድረስ ይፈሳል። 800 በመቶ አጉልተህ ብታየው ደማቁ እምብርት ትንሽ ነው፤ ዙሪያውን ግን ፈዘዝ ያለ ቀይ ደመና ከቦታል። ብዙ ሰው እምብርቱን ብቻ ሸፍኖ ደመናውን ይረሳዋል። ከዚያ ከለር ግሬድ ሲያደርግ ደመናው ይነሳበታል።

ስለዚህ በነጥብ የሚሠራ ፊልተር ከሆነ የሚሸፍነውን ስፋት ወደ 7 ፒክስል አድርገው። የሚታየውን ሁሉ ሸፍነህ፣ ከዚያ ደግሞ በየጎኑ አንድ ፒክስል ጨምር። የፊልተሩ መሙያ ከዚያ ክበብ ውጭ ካለው ጤነኛ አካባቢ መቀዳት አለበት። በዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ ውስጥ ይህን የሚሠራው `Dead Pixel Fixer` ነው፤ ሌሎቹም ፕሮግራሞች በተለያየ ስም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ስሙ ምንም ይሁን፣ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ምን ያህል ይሸፍናል፣ መሙያውንስ ከየት ያመጣል?

ሚዲያን የሚባለው ፊልተርም በተመሳሳይ ሕግ ነው የሚሠራው። ሚዲያን በመስኮቱ ውስጥ ያሉትን ፒክስሎች በቅደም ተከተል ይደረድርና መካከለኛውን ይመርጣል። ሶስት በሶስት መስኮት ላይ ዘጠኙም የታመሙ ስለሆኑ የሚመርጠው 107ን ነው። ነጥቡ ፈዘዘ እንጂ አልጠፋም። አምስት በአምስት ብታደርገው መስኮቱ 25 ፒክስል ነው፤ ከእነሱ 9ኙ የታመሙ፣ 16ቱ ጤነኞች ናቸው። ጤነኞቹ አብላጫ ስለሆኑ 24 ይወጣል። ስድስት በስድስት ለፈሰሰው ቀለም ግን አምስት በአምስት አይበቃም፤ ሰባት በሰባትም አይበቃም። 36 የታመሙ ከ49 ውስጥ አብላጫ ናቸውና። ዘጠኝ በዘጠኝ ላይ 81 ስለሆኑ ያኔ ይሳካል። ብዙ ፕሮግራሞች ላይ ይህ ሬዲየስ 4 ማለት ነው። ነገሩ እንደ ምርጫ ነው፤ መስኮቱ ውስጥ ጤነኞቹ ከግማሽ በላይ መሆን አለባቸው።

«ታዲያ ሬዲየስ 4ን ፍሬሙ ላይ በሙሉ ልልቀቀው?» እንዳትለኝ። ፊቱ ሰም ይሆናል። ከዚያም የባሰው፣ በእንግዳህ ዓይን ውስጥ ያለችው የመብራት ብልጭታ ራሷ አራት አምስት ፒክስል የሆነች ደማቅ ነጥብ ናት። ፊልተሩ ከሆት ፒክስል የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ይሰርዛታል። ዓይኑ የሞተ ይመስላል። ስለዚህ ፊልተሩ የት እንደሚሠራ የሚነግረው ካርታ ያስፈልጋል።

ካርታውን ከጥቁር ቀረጻ ማውጣት

ያንኑ ካሜራ አንሳ። አይኤስኦ፣ ሹተር፣ የፍሬም ብዛት፣ ጥራትና የቀለም ፕሮፋይል በሙሉ ልክ እንደዚያን ማታ ይሁኑ። ፕሮፋይሉን አትናቀው። ሎግ ባልሆነ ፕሮፋይል ጥቁሩ ጠልቆ ስለሚቆረጥ ደብዛዛዎቹ ነጥቦች አብረው ይሰጥማሉ። ካሜራው ውስጥ ያለውን የኖይዝ ቅነሳም እንደነበረ ተወው። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቅረጽበት፤ ምንም ይሁን፣ ዋናው እንዲሞቅ ነው። ሲሞቅ የሌንሱን ክዳን ግጠምና አሥር ሰከንድ ቅረጽ። ቀዝቃዛ ካሜራ ላይ የወሰድከው ጥቁር ቀረጻ ግማሾቹን ነጥቦች ላያሳይህ ይችላል።

ያንን ጥቁር ክሊፕ ፍሬም በፍሬም ማየት ዓይን ያደክማል። ኖይዙ ነጥቦቹን ይሸፍናል። ስለዚህ ሃምሳ ፍሬሞችን አንድ ላይ አማካይ እናውጣላቸው። ኖይዝ በየፍሬሙ ስለሚቀያየር እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ሆት ፒክስል ግን ቦታውን ስለማይለቅ ብቻውን ይቀራል። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው በትእዛዝ የሚሠራ ፕሮግራም ካለህ አንድ መስመር ነው፦

```
ffmpeg -i cap.mov -vf "tmix=frames=50,select=eq(n\,60)" -frames:v 1 map.png
```

`cap.mov` ጥቁሩ ክሊፕህ ነው። `tmix` ሃምሳ ፍሬሞችን ያደባልቃል። `select` ደግሞ 60ኛው አካባቢ ያለውን አንድ ፍሬም ይወስዳል፤ እስከዚያ ድረስ ድብልቁ ሞልቷል። 4ኬ ላይ ሃምሳ ፍሬም በአንዴ ራም ውስጥ ስለሚቀመጥ እስከ ሁለት ጊጋባይት ሊበላ ይችላል፤ ማሽንህ ካቃተው ቁጥሩን ወደ 25 አውርደው።

ካሜራው የተከራየኸው ከሆነና ከመለስከውስ? ያኔም ተስፋ አትቁረጥ። ካሜራው ብዙ የሚንቀሳቀስበትን ክፍል ከራሱ ቀረጻ ምረጥና ያንኑ ትእዛዝ አስኪድበት። ግድግዳውና ሰውየው ይደበዝዛሉ፤ ነጥቦቹ ግን ቁልጭ ብለው ይቀራሉ። እንደ ጥቁሩ ክሊፕ ንጹህ አይሆንም፤ ቋሚ ሾት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ለአንተ ግን በእጅህ ስለቀረጽክ ያዋጣሃል።

`map.png`ን ክፈትና ብርሃኑን ከፍ አድርግ። የቀረው ኖይዝ መታየት እስኪጀምር ድረስ ግፋ፣ ከዚያ ትንሽ መለስ በል። አሁን የሚታዩት ነጥቦች የምትጠግናቸው ናቸው።

ነጥቦቹ አሥራ ምናምን ከሆኑ የእያንዳንዱን ቦታ በቁጥር ጻፍና በነጥብ የሚሠራውን ፊልተር እዚያ ላይ አስቀምጥ። ለምሳሌ ከግራ 2714፣ ከላይ 388። አንዴ ካስቀመጥክ ለሙሉው ክሊፕ ይበቃል፤ ኪፍሬም አያስፈልገውም፣ ነጥቡ አይሄድማ። ያንኑ ቅንብር በዚያ ማታ ለተቀረጹት ክሊፖች ሁሉ ቅዳው። በቀዝቃዛው መጀመሪያ ላይ ለተቀረጹትም ቢሆን ብዙ አይጎዳም፤ ግን ካላስፈለገ አትጫን።

በመቶ የሚቆጠሩ ከሆኑ አንድ በአንድ መልቀም ያሳብዳል። ያኔ ካርታውን ራሱን ማስክ አድርገው። አንድ ወጥመድ አለ። ካርታውን ወደ ጥቁርና ነጭ ስትቀይር በተለመደው መንገድ ካደረግከው ሰማያዊዎቹ ነጥቦች ይጠፉብሃል። በኤችዲ ስሌት ሰማያዊ ለብርሃን የሚያዋጣው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ቀይ 21 በመቶ ገደማ። ደማቅ ሰማያዊ ነጥብ ወደ ግራጫ ሲቀየር ጥቁር ማለት ነው። ስለዚህ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቻናሎችን ለየብቻ አውጣ፣ እያንዳንዱን ወደ ነጭና ጥቁር ቁረጥ፣ ከዚያ ሶስቱን በ`Lighten` አንድ ላይ አድርግ። በመጨረሻ ነጩን በየአቅጣጫው በሁለት ሶስት ፒክስል አወፍር፣ ዳር ዳሩን በአንድ ፒክስል አለስልስ።

ኤዲቲንግ ላይ ሶስት ትራክ ይበቃል። ታች ኦሪጅናሉ፣ መሀል ሚዲያን ሬዲየስ 4 የተጫነበት ቅጂ፣ ላይ ደግሞ ካርታው። መሀለኛው በካርታው ነጭ ቦታዎች ብቻ እንዲታይ ታደርገዋለህ፤ ፕሪሚየር ላይ ይህ `Track Matte Key` ነው፣ `Matte Luma` ተመርጦ። ፊቱም፣ የዓይኑ ብልጭታም አይነኩም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የድሮ ፊልም ቆሻሻ የሚያጸዱ ፊልተሮች አሉ፤ አውቶማቲክ ስለሆኑ ያጓጓሉ። እነሱ የሚፈልጉት አንድ ፍሬም ላይ ብቅ ብሎ በሚቀጥለው የሚጠፋ ነገር ነው፤ መሙያውንም ከጎረቤት ፍሬም ያመጣሉ። ሆት ፒክስል ግን በሁሉም ፍሬም እዚያው ስላለ ለእነሱ ቆሻሻ አይደለም፣ የምስሉ አካል ነው። ቢነካኩትም ከጎረቤት ፍሬም የሚያመጡት ያንኑ ነጥብ ነው።

ቅደም ተከተሉ

ጥገናው ከሁሉም በፊት ነው። ከዲኖይዝ በፊት፣ ከስታቢላይዝ በፊት፣ ከማጉላትና ከማሳነስ በፊት፣ ቀለም ከሚቀይረው ሎት በፊት፣ ከሻርፕን በፊት።

ዲኖይዝን ያስቀደመ ሰው የሚገርም ነገር ያጋጥመዋል፤ ነጥቦቹ ይበዙበታል። በጊዜ የሚሠራ ዲኖይዝ ከላይ በ`tmix` ያደረግነውን ነው የሚያደርገው። ኖይዙን ይጥልና ቋሚውን ያቆያል። ተደብቀው የነበሩት ነጥቦች መጋረጃው ተገለጠላቸው ማለት ነው። ካርታ ለማውጣት ሸጋ ነገር ነው፤ ለመጨረሻ ሥራ ግን አይደለም።

የስታቢላይዙን አየነው። ግን ኢፌክቱን ከላይ ከታች ስለደረደርክ ብቻ ፕሮግራሙ በዚያ ቅደም ተከተል ይሠራል ማለት አይደለም። ስታቢላይዝንና መጠን ማስተካከልን ከከለር ኖዶች በፊት የሚያስኬዱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ኖዱን የትም ብታስቀምጠው። ማወቂያው ቀላል ነው። ጥገናውን አስቀምጥና ስታቢላይዝን አብራ፤ ነጥቡ ከተሸፈነበት ሾልኮ ከወጣ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

እኔ በዚህ አልከራከርም። ክሊፑን በራሱ መጠን ባለ ታይምላይን ላይ አስገባለሁ። 4ኬ ከሆነ 4ኬ ታይምላይን፣ 25 ከሆነ 25። ጥገናውን ብቻ አደርግና በፕሮሬስ 422 ኤችኪው ወይም በዲኤንኤክስኤችአር ኤችኪውኤክስ ሬንደር አወጣለሁ። ከዚያ ያንን ንጹህ ፋይል እንደ ኦሪጅናል ይዤ ሌላውን ሥራ እጀምራለሁ። ዲስክ ይበላል፤ ራስ ምታት ግን የለውም። በ1080 ታይምላይን ላይ 4ኬ ክሊፕ አስገብተህ ብትጠግን ነጥቡ ግማሽ ፒክስል ላይ ያርፍብሃል፤ ያኔ በየትኛውም ቁጥር በትክክል አትይዘውም።

የማይታዘዙት ነጥቦች

ከአሥሩ ስምንቱ ግድግዳና ጥላ ላይ ስለሚያርፉ ሳይታወቁ ይሄዳሉ። ሁለቱ ግን ፊት ላይ ወይም የነገር ጠርዝ ላይ ያርፋሉ። ካሜራውን በእጅህ ስለያዝክ ደግሞ ጠርዙ በነጥቡ ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ፊልተሩ አንዴ ከጨለማው፣ አንዴ ከብሩሁ ስለሚሞላ ጥገናው ብልጭ ድርግም ይላል። ለእነዚህ አማካይ የሚያወጣውን ትተህ ከጎን ፒክስል የሚቀዳ ማስተካከያ፣ ክሎን የሚባለውን፣ ተጠቀም። ጠርዙ ቆሞ ከሆነ፣ ለምሳሌ የበር መቃን፣ ከላይ ወይም ከታች ቅዳ። ጠርዙ የተጋደመ ከሆነ ከግራ ወይም ከቀኝ። ከስምንት እስከ አሥር ፒክስል ራቅ ካለ ቦታ ይበቃል፤ ከዚያ ቀረብ ካለ ደመናውን ይዞ ይመጣል።

ክሎን ሌላም ጥቅም አለው፤ ኖይዙን አብሮ ይዞ ይመጣል። አማካይና ሚዲያን የሚተውት ለስላሳ ጠጋን ነው። ዙሪያው በአይኤስኦ 12800 እየፈላ መሀሉ ጸጥ ያለ ሰባት ፒክስል ይኖርሃል። በተለመደ ርቀት አይታይም። በትልቅ ስክሪን፣ ጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ ግን ዝንብ ያረፈ ይመስላል። ከጥገናው በኋላ ዲኖይዝ የምታደርግ ከሆነ ሁሉም አብሮ ስለሚለሰልስ አትጨነቅ። ዲኖይዝ የማታደርግ ከሆነ ግን ለዋና ዋናዎቹ ክሎን ይሻልሃል።

አንዳንድ ነጥቦች ደግሞ እንደ ልብ ትርታ ይነሳሉ ይወድቃሉ። የኮዴኩ ሥራ ነው። ኤች.264 እና ኤች.265 በየተወሰነ ፍሬም አንድ ሙሉ ፍሬም ያስቀምጡና በመካከል ያሉትን ከእሱ እየገመቱ ይሞላሉ። በሙሉው ፍሬም ላይ ነጥቡ ቁልጭ ይላል፣ ከዚያ ይደበዝዛል፣ እንደገና ይመጣል። ጥገናውን በትርታው መሠረት ለማብራትና ለማጥፋት አትሞክር፤ ሁልጊዜ እንደበራ ተወው። ቢትሬቱ ዝቅተኛ ከሆነ ግን ነጥቡ ጎረቤት ብሎኮችን ሁሉ አቆሽሾ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ 7 ፒክስል አይበቃም፣ 12 ወይም 16 ያስፈልጋል። በፊት ላይ 16 ፒክስል መጠገን ደግሞ ራሱ ይታያል። እንዲህ ያለውን ሾት እኔ ብችል በሌላ እቀይረዋለሁ፤ ካልቻልኩም ነጥቡ ከፍሬም እንዲወጣ ትንሽ አጉልቼ እቆርጠዋለሁ።

ካሜራህ ዲጂታል ስታቢላይዝ በርቶበት ከነበረ ሌላ ጣጣ አለ። ያ ስታቢላይዝ ገና ሲቀረጽ ፍሬሙን ያንሸራትታል፤ ነጥቡም ፋይሉ ውስጥ ከነዳንሱ ይገባል። ካርታው አይሠራም፣ በቁጥር ማስቀመጥም አይሠራም። ነጥቡን በትራከር ማስከተል ብቻ ነው የሚቀረው፤ ለሶስት አራት ነጥብ ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ትዕግሥትህን መጠየቅ ነው። ሴንሰሩን ራሱን የሚያንቀሳቅሰው ስታቢላይዝ ግን ችግር የለውም፤ ፒክስሉ ከሴንሰሩ ጋር ስለሚሄድ ፍሬሙ ውስጥ ቦታው አይለወጥም።

ለሚቀጥለው ቀረጻ፣ ካሜራህ ሜኑ ውስጥ `Pixel Mapping` የሚል ካለ ከመቅረጽህ በፊት አስኪደው። የሲኒማ ካሜራ ከሆነ ክዳን ተገጥሞ የሚሠራው ብላክ ባላንስ ነው። ካሜራው የታመሙትን ፒክስሎች መዝግቦ ገና ከዲቤየር በፊት ይሞላቸዋል፤ ያኔ በሽታው ሳይጋባ ነው የሚያዘው። ግን ካሜራው ከሞቀ በኋላ አስኪደው፤ በቀዝቃዛው ካደረግከው በሙቀት የሚነቁትን አያገኛቸውም። ጥቁሩን ክሊፕ ደግሞ እዚያው በቀረጻው መሀል፣ እንግዳህ ውሃ ሲጠጣ፣ ክዳኑን ገጥመህ አሥር ሰከንድ ውሰድ።

አሁን ላለህ ክሊፕ ከካርታው ጀምር። ከጠገንክ በኋላ ስታየው ጋማውን ለጊዜው በጣም ከፍ አድርገህ፣ 200 በመቶ አጉልተህ፣ እያጫወትክ እየው። በቆመ ፍሬም ላይ ኖይዙና ነጥቡ አይለዩም፤ ሲሄድ ግን የማይንቀሳቀሰው ራሱን ያጋልጣል። ያመለጠህ ካለ ቦታውን ካርታው ላይ ጨምረው፣ ሬንደሩን ድገመው።